96.25% ይመልሳል ሲባል የሚመልሰው ለማን ነው?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ፒያሳ ነው የምሠራው። ማታ ማታ ስልኬ ላይ ስሎት የሚባለውን ቁማር እጫወታለሁ። ጨዋታው ውስጥ RTP 96.25% የሚል ተጽፏል። 500 ብር አስገብቼ በ5 ብር መደብ ስጫወት ግማሽ ሰዓት አለፍ ሲል ሙልጭ አለ። ታሪኩን ስቆጥር 352 ጊዜ አሽከርክሬያለሁ። 96.25% የሚመልስ ከሆነ 481 ብር ሊተርፈኝ አይገባም ነበር? ጓደኛዬ እዚያው ጨዋታ ላይ 10,000 ብር በልቷል። ተጭበርብሬ ነው ወይስ ገና ተራዬ ስላልደረሰ ነው? 2,000 ብር ጨምሬ ብቀጥል ወደ 96ቱ ይመጣልኛል?»

481 ብር ያልከው ስሌት የሳተው ከመነሻው ነው። አርቲፒ፣ ማለትም ጨዋታው ለተጫዋቾች የሚመልሰው መቶኛ፣ የሚሰላው ወደ ሒሳብህ ባስገባኸው ገንዘብ ላይ ሳይሆን ባዞርከው ገንዘብ ላይ ነው። ያስገባኸው 500 ብር ነው። ያዞርከው ግን 352 ጊዜ 5 ብር፣ ማለትም 1,760 ብር ነው። ከ500 በላይ የሆነው 1,260 ብር ማሽኑ በየመሀሉ ሲከፍልህ የነበረ፣ አንተም ሳታወጣው መልሰህ ያስያዝከው ብር ነው። ስለዚህ ማሽኑ ከ1,760 ብር ላይ 1,260 ብር መልሶልሃል፤ 71.6% መሆኑ ነው። ምንም እንዳልመለሰልህ የሚሰማህ የመለሰውን እዚያው ስለጨረስከው ነው።

እህል በረንዳ ጤፍ ከማዳበሪያ ወደ ማዳበሪያ ሲገለበጥ አይተህ ከሆነ ነገሩ ይገባሃል። በአንድ ግልበጣ የሚፈሰው ጥቂት ነው። ሃያ ጊዜ ከተገለበጠ ግን ማዳበሪያው ይጎድላል። 500 ብርህ ሙሉውን አንድ ጊዜ ሲዞር በአማካይ 481.25 ይሆናል። የተረፈው እንደገና ሲዞር 463 ገደማ ይሆናል። ሃያ ጊዜ ከዞረ በኋላ በእጅህ የሚቀረው 233 ብር ገደማ ነው። ይህ እንግዲህ ሁሉም ነገር በአማካዩ ልክ ሲሄድ ነው። የአንተ ብር ከዚያ በጣም ፈጥኖ ነው ያለቀው። ለምን እንደፈጠነ ለማየት ቁጥሩ ከየት እንደሚወለድ ማየት ያስፈልጋል።

የጨዋታ አምራቾች ለእያንዳንዱ ስሎት ፓር ሺት የሚባል የስሌት ሰንጠረዥ አላቸው፤ ለተጫዋች አያሳዩትም። ስለዚህ በወረቀት ላይ የሚቆጠር ትንሽ ማሽን ልሥራልህ። አርቲፒው ካንተው ጋር እኩል 96.25% ነው፤ ትልቁን ክፍያም ጓደኛህ ከበላው ጋር እንዲገጥም አድርጌዋለሁ። ማሽኑ ሦስት ጎማዎች አሉት። በእያንዳንዱ ጎማ ላይ 20 ቦታ አለ፦ 1 ዘውድ፣ 3 ደወል፣ 6 ሎሚ፣ 10 ሙዝ። ሦስቱ ጎማዎች በ20 ጊዜ 20 ጊዜ 20፣ ማለትም በ8,000 መንገድ ሊቆሙ ይችላሉ። ሦስት ሙዝ የሚገጥመው በ1,000 መንገድ ነው፤ የመደቡን 3 እጥፍ ይከፍላል። ሦስት ሎሚ በ216 መንገድ ይገጥማል፤ 10 እጥፍ ይከፍላል። ሦስት ደወል በ27 መንገድ፣ 20 እጥፍ። ሦስት ዘውድ በአንድ መንገድ ብቻ፣ 2,000 እጥፍ። ሌላው ሁሉ ባዶ ነው።

አሁን 8,000ዎቹ መንገዶች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጊዜ መጡ እንበልና ክፍያውን እንደምር። ሙዝ 3,000 መደብ ይመልሳል፣ ሎሚ 2,160፣ ደወል 540፣ ዘውድ 2,000። ድምሩ 7,700 ነው። የተያዘው 8,000 መደብ ስለሆነ 7,700 ሲካፈል ለ8,000 በትክክል 96.25% ይሆናል። አርቲፒ ማለት ይሄው ነው። ማሽኑ ውስጥ ተቀምጦ «እገሌ እስካሁን 71% ብቻ ነው ያገኘው፣ ላሟላለት» የሚል ክፍል የለም። መቶኛው በጨዋታው አሠራር ውስጥ ያሉትን ዕድሎች ሁሉ ቆጥሮ የተገኘ አማካይ ነው። ማሽኑ ራሱ ያንን ቁጥር ሊያውቀው እንኳ አያስፈልገውም።

ከዚህ ስሌት ውስጥ በደንብ ልታየው የሚገባህ የዘውዱ ድርሻ ነው። ከ8,000 የተያዘ መደብ 2,000ው፣ ማለትም 25% የሚሆነው፣ ከ8,000 አንዴ በሚመጣ አንድ ክስተት ውስጥ ተቀምጧል። ዘውዱን ካነሳኸው የሚቀረው 5,700 ነው፤ 71.25%። ስለዚህ ዘውድ ያልመጣለት ሰው የሚጫወተው 96.25% በሚመልስ ማሽን ላይ አይደለም፤ 71.25% በሚመልስ ማሽን ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለእሱ አይለወጥም፣ ኪሱ ግን ይለወጣል።

በዚህ ማሽን ላይ ዘውድ ያላየ ሰው በእያንዳንዱ ሽክርክሪት ከመደቡ 28.75% ይጎድልበታል። 500 ብር በ5 ብር መደብ ሲሆን 100 መደብ ነው። 100 ለ0.2875 ስታካፍለው 348 ይመጣል። አንተ 352 ጊዜ አሽከርክረህ አለቀብህ። በደቂቃ አሥር ጊዜ ከተጫንክ 35 ደቂቃ ማለት ነው። የደረሰብህ ነገር የዚህ ዓይነት ማሽን ተራ ምሽት ነው። 352 ጊዜ አሽከርክሮ ዘውድ አለማየት ከመቶ 96 ሰው ገደማ ላይ የሚደርስ ነገር ነው።

«ተራዬ አልደረሰም ወይ?» ላልከው መልሱ ዕቁብ ውስጥ አለ። 20 ሰው የገባበት ዕቁብ ውስጥ ዕጣ የወጣለት ሰው ስሙ ወደ ዕጣው አይመለስም። በዚህ ምክንያት በሃያኛው ሳምንት ሁሉም በልቷል። ያልደረሰው ሰው ዕድልም በየሳምንቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ መጨረሻ የቀረው ደግሞ በእርግጠኝነት ይደርሰዋል። እኛ «ተራ» የሚለውን ነገር የተማርነው ከዚህ ነው። ስሎት ግን የወጣው ስም በየሳምንቱ ተመልሶ የሚከተትበት ዕቁብ ነው። እንዲህ ያለ ዕቁብ ቢኖር ኖሮ አንዳንዱ በሃያ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ይበላል፣ ከሃያዎቹ ሰባት ያህሉ ደግሞ አንድም ጊዜ ሳይደርሳቸው ሃያው ሳምንት ያልቃል። የቀሩት ሰባቱም በሃያ አንደኛው ሳምንት ያላቸው ዕድል ያው ከመቶ አምስት ነው። ሲከፍሉ መክረማቸው ምንም አልጨመረላቸውም።

የኛ ማሽንም እንደዚያው ነው። 8,000 ጊዜ ያሽከረከረ ሰው ዘውዱን «ማየት የነበረበት» ይመስለዋል። ከመቶ 37 ያህሉ ግን 8,000 ጊዜ አሽከርክረውም አያዩትም። ቤቲንግ ቤት ደጃፍ ላይ «ማሽኑ ጠጥቷል፣ ሊተፋ ነው» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያናድደኛል፤ ያንን አምኖ የቤት ኪራዩን የጨመረ ሰው ስለማውቅ። ውጤቱን የሚያወጣው የዘፈቀደ ቁጥር አመንጪ ነው። ቁልፉን በተጫንክባት ቅጽበት ቁጥሩ ይወጣል፤ ጎማው ሲዞር የምታየው ለዓይን ነው። ያለፈው ሽክርክሪት ለሚቀጥለው የሚያስተላልፈው ነገር የለም።

ስለ ጎማው አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በወረቀቱ ማሽን ላይ ያየኸው ምስል ብዛትና ዕድሉ እኩል ናቸው። በእውነተኛ ማሽን ላይ ግን እንዲሆኑ አይገደዱም። በ1984 እንደ አውሮፓውያን ኢንጌ ቴልነስ የተባለ ሰው በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘበት ዘዴ ዕድሉን ከሚታየው ጎማ ለይቶ በኮምፒውተር ውስጥ ላለ ሌላ፣ እጅግ ረጅም ለሆነ የቁጥር ዝርዝር ሰጠው። ዘውዱ በምስሉ ላይ ከሃያ አንድ ሆኖ እየታየህ፣ በውስጥ ዝርዝሩ ከመቶ አንድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለት ዘውድ ቆሞ ሦስተኛው «ለጥቂት» ሲያልፍ ያየኸው ጥቂት ርቀት አይደለም። ምስሎቹን ቆጥረህም አርቲፒ ልታወጣ አትችልም።

ወደ ጓደኛህ እንምጣ። 5 ብር ሲባዛ በ2,000፣ 10,000 ብር ነው። በወረቀቱ ማሽን ላይ በአማካይ አንድ ዘውድ እስኪመጣ 8,000 ሽክርክሪት ያስፈልጋል። አንተ ዓይነቱ ሰው 500 ብር ይዞ 348 ጊዜ ያህል ስለሚያሽከረክር፣ 8,000 ለመሙላት 23 ሰው ይበቃል። 23 ሰው እያንዳንዱ 500 ብር ሲያጣ 11,500 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ 10,000ው ለአንድ ሰው ይሄዳል፣ 1,500 ብር ቤቱ ጋ ይቀራል። በ8,000 ሽክርክሪት የዞረው ገንዘብ 40,000 ብር ነው፤ 1,500 ብር ለ40,000 ስታካፍለው 3.75% ይመጣል፤ ከ96.25 ቀሪው ይኸው ነው። ቁጥሩ አልዋሸም። «96.25% ይመለሳል» የተባለው ተመልሷል፤ የተመለሰው ግን ለአንተ ሳይሆን ለተጫዋቾች በጅምላ ነው። የአንተ 500 ብር ጓደኛህ ከበላው 10,000 ውስጥ አለ ብትል ብዙም አልተሳሳትክም። 23ቱ ስለተበሉት አያወሩም። ያንዱ ወሬ ግን ከፒያሳ ሜክሲኮ ይደርሳል። ጨዋታው ሰጪ የሚመስለውም በዚህ ነው።

አሁን ደግሞ አርቲፒ እውነት የሚሆነው ለምን በሚሊዮን በሚቆጠር ሽክርክሪት ላይ እንደሆነ እንይ። 1,000 ሰዎች እያንዳንዳቸው በዚህ ማሽን 1,000 ጊዜ አሽከረከሩ እንበል። 882 ያህሉ ዘውድ አያዩም፤ ያገኙት መቶኛ 71 ዙሪያ ይሆናል፣ አብዛኛዎቹ ከ57 እስከ 85 መካከል። 110 ያህሉ አንድ ዘውድ ያያሉ። በ1,000 ሽክርክሪት ውስጥ አንድ ዘውድ 200% ስለሚጨምር የእነሱ መቶኛ 271 ዙሪያ ነው። ሰባት ስምንት ሰዎች ደግሞ ሁለትና ከዚያ በላይ ያያሉ። የሁሉም አማካይ 96.25 ይመጣል፤ 96.25 ላይ የቆመ ሰው ግን ከሺው ውስጥ ብትፈልግ አታገኝም። በ71 እና በ271 መካከል ያለው ቦታ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በአጭር ጨዋታ አርቲፒ የማንም ዕጣ ያልሆነ ቁጥር ነው።

ሽክርክሪቱ ሚሊዮን ሲደርስ ሁኔታው ይቀየራል። በአማካይ 125 ዘውድ ይጠበቃል። ዕድል ሲለዋወጥ ይህ ቁጥር ከመቶ 95 ጊዜ ያህል ከ103 እስከ 147 ባለው ውስጥ ያርፋል። አሁን አንድ ዘውድ የሚጨምረው 0.2% ብቻ ስለሆነ መቶኛው ከ92 አካባቢ እስከ 100.6 ድረስ ሊወዛወዝ ይችላል ማለት ነው። ልብ በል፤ ሚሊዮን ጊዜ ተሽከርክሮ እንኳ ቤቱ ከመቶ አምስት ጊዜ ያህል ኪሳራ ላይ ሊገኝ ይችላል። አሥር ሚሊዮን ሲሆን ውዝዋዜው ከ94.8 እስከ 97.7 ይጠባል። መቶ ሚሊዮን ሲሆን ከ96.25 ግማሽ በመቶ እንኳ አይርቅም። ውዝዋዜው የሚጠበው ቀስ ብሎ ነው፦ ሽክርክሪቱ መቶ እጥፍ ሲበዛ ስህተቱ የሚያንሰው አሥር እጥፍ ብቻ ነው። «ብዙ ከተጫወትኩ» ብለህ የምታስበው ብዛትና ሒሳቡ የሚጠይቀው ብዛት የማይገናኙት ለዚህ ነው።

አንተ በሰዓት 600 ጊዜ ብታሽከረክር ሚሊዮን ለመድረስ 1,667 ሰዓት ያስፈልግሃል። በየቀኑ፣ በዓልም ሳይቀር፣ ሦስት ሦስት ሰዓት ብትጫወት ዓመት ከመንፈቅ ይፈጃል። በዚያ ጊዜ የምታዞረው 5 ሚሊዮን ብር ነው፤ በአማካይ የምታጣውም 187,500 ብር። በሌላ በኩል 2,000 ደንበኞች በቀን 500 ጊዜ የሚያሽከረክሩበት ቤት ሚሊዮኑን በአንድ ቀን ይሞላዋል። አርቲፒ የሚሠራው ለእሱ ነው። ለቤቱ ትንበያ ነው፣ ገቢውን ያቅድበታል። ለአንተ ግን ትንበያ ሊሆንህ አይችልም፤ እዚያ የሚያደርስ ዕድሜም ብርም የለህም።

«ብቀጥል ወደ 96ቱ ይመጣልኛል?» የሚለው ጥያቄህ በዚህ ሁሉ ውስጥ አደገኛው ነው። ምክንያቱም በአንድ በኩል እውነት ነው። መቶኛህ ይመጣል፤ ብርህ ግን አይመጣም። እንየው። እስካሁን 1,760 ብር አዙረህ 1,260 ተመልሶልሃል። ከዚህ በኋላ 100,000 ጊዜ በ5 ብር አሽከርክረህ በትክክል 96.25% ቢመለስልህ፣ ማለትም ከ500,000 ብር 481,250 ብታገኝ፣ ጠቅላላ መቶኛህ 96.16% ይሆናል። በጣም ተቃርቧል። ኪሳራህስ? 500 ብር የነበረው 19,250 ብር ሆኗል። የመጀመሪያዋን 500 ብር ማንም አልከፈለህም። ከግማሽ ሚሊዮን ብር አጠገብ ስትቀመጥ ትንሽ መስላ ጠፋች እንጂ። መቶኛው የሚስተካከለው ያለፈው ጉድለት ተሞልቶ ሳይሆን በብዛት ተውጦ ነው።

አርቲፒ የማይነግርህ ሌላም ነገር አለ። ያንኑ ማሽን ወስጄ የዘውዱን 2,000 መደብ ላጥፋና ለሙዙ ልስጠው፤ ሦስት ሙዝ 3 እጥፍ መክፈሉ ቀርቶ 5 እጥፍ ይክፈል። ሙዝ 5,000፣ ሎሚ 2,160፣ ደወል 540፣ ዘውድ ዜሮ። ድምሩ አሁንም 7,700 ነው፤ አርቲፒው አሁንም 96.25%። ስክሪኑ ላይ በሁለቱ መካከል ልዩነት አታይም። በዚህኛው ማሽን ግን 500 ብርህ በ5 ብር መደብ በአማካይ 2,667 ሽክርክሪት፣ ማለትም አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ትቆያለች። በመጀመሪያው ማሽን ላይ ዘውድ ያላየ ሰው 35 ደቂቃ ነበር ያቆየችው። ይህን ልዩነት ባለሙያዎች ቮላቲሊቲ ይሉታል፤ ብዙ ጨዋታዎች መረጃ ገጻቸው ላይ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ብለው ይጽፉታል። ትልቅ እጥፍ እያሳየ የሚጠራህ ጨዋታ ከፍተኛው ነው። ያ ትልቅ እጥፍ የሚከፈለው ከየዕለቱ ትናንሽ ክፍያዎች ተቆርጦ ነው።

የተጭበረበርክ እንደሆነ ለሚለው፣ 352 ሽክርክሪት በዚህ ላይ ምንም ሊመሰክር አይችልም። በመጀመሪያው ዓይነት ማሽን 71.6% ፍጹም የተለመደ ነው። በሁለተኛው ዓይነት ላይ ቢሆን ከመቶ ሦስት ጊዜ ያህል ብቻ የሚያጋጥም፣ የሚያስገርም ነገር ይሆን ነበር። ያም ቢሆን ማስረጃ አይሆንም። በተጫዋች ታሪክ አርቲፒን መፈተሽ ስለማይቻል ነው እንደ ጂኤልአይ፣ ቢኤምኤምና ኢኮግራ ያሉ የሙከራ ተቋማት ያሉት። እነሱ የጨዋታውን ስሌትና ኮድ ይመረምራሉ፣ በኮምፒውተርም በሚሊዮን የሚቆጠር ሽክርክሪት አስኪደው ከሰንጠረዡ ጋር ያስተያያሉ። የአሜሪካዋ ኔቫዳ ግዛት ማንኛውም ስሎት ከ75% በታች እንዳይመልስ፣ ኒው ጀርሲ ደግሞ ከ83% በታች እንዳይመልስ በቁማር ደንባቸው ከልክለዋል።

አንተ ግን ሁለት ነገሮችን ራስህ ማየት ትችላለህ። የመጀመሪያው፣ ቁጥሩን ያየኸው የት ነው? ብዙ አምራቾች አንድን ጨዋታ በተለያየ አርቲፒ ያወጣሉ፤ በ96፣ በ94፣ ከዚያም በታች። የትኛውን እንደሚያስገባ የሚመርጠው አጫዋቹ ድርጅት ነው። ስሙ አንድ፣ ምስሉ አንድ፣ ሙዚቃው አንድ ሆኖ ስሌቱ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ ወይም ሌላ ገጽ ላይ የተጻፈው ቁጥር አይሠራም። በምትጫወትበት በዚያው ሒሳብ ውስጥ ጨዋታውን ከፍተህ፣ የመረጃ ምልክቱን ተጭነህ፣ መጨረሻ ድረስ ወርደህ አንብብ። ከ96.25 ወደ 94 መውረድ ትንሽ ይመስላል፤ ቤቱ የሚቆርጠው ግን ከ3.75 ወደ 6 ከፍ ብሏል፣ ከግማሽ በላይ ጨምሯል ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ጨዋታው የመጣው ከየት ነው? በቴሌግራም የተላከልህን ፋይል ጭነህ የምትጫወተው ከሆነ ስክሪኑ ላይ የተጻፈው መቶኛ ማንም ያልመረመረው ጽሑፍ ነው። በዚያ ላይ ስለ አርቲፒ ማስላት ትርጉም የለውም፤ አጥፋው።

ወረቀት ላይ የሠራሁት ማሽን ከእውነተኞቹ ይቀላል። እነሱ አምስት ጎማ፣ ነፃ ሽክርክሪት፣ የቦነስ ዙር አላቸው፤ ትናንሽ ክፍያዎችም ደጋግመው ይመጣሉ። በ5 ብር መደብ 2 ብር ሲመለስልህ ስክሪኑ ያብለጨልጫል፣ ያጨበጭባል፤ አንተ ግን 3 ብር ተበልተሃል። ይህ ሁሉ አሃዞቹን ይቀይራቸዋል፣ ነገሩን ግን አይቀይረውም። የቦነስ ዙሩ በኛ ማሽን ውስጥ የዘውዱን ቦታ የያዘ ነው። ከአርቲፒው ትልቅ ቁራጭ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል፤ እሱን ሳታይ የወጣህበት ምሽት በአማካይ ከተጻፈው በታች ነው።

2,000 ብሩን አታስገባ። በወረቀቱ ማሽን ላይ 2,000 ብር 400 መደብ ነው፤ ዘውድ ካልመጣ 1,391 ሽክርክሪት ያህል ያቆይሃል፣ ሁለት ሰዓት ከሃያ ገደማ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዘውድ የማየት ዕድልህ ከመቶ 16 ነው። ከመቶ 84 ጊዜ 2,000ውም ይሄዳል፤ ኪሳራህ 2,500 ይሆናል፤ ያኔ ደግሞ «5,000 ብጨምርስ» የሚለው ይመጣል። ለዚህ ብር መበደር ጀምረህ ከሆነ ወይም ከቤተሰብ መደበቅ ጀምረህ ከሆነ ጉዳዩ ከሒሳብ አልፏል፤ ለቅርብ ሰውህ ንገረው፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያም አነጋግር። ቀሪውን ብር ከስልክህ የክፍያ ሒሳብ ላይ አንስተው፤ ሁለት ጊዜ በመጫን የሚገባ ብር ማታ ላይ አይከበርም።

ከዚህ በኋላም ልጫወት ካልክ ዋጋውን አስቀድመህ አስላ። መደብህን በምታሽከረክረው ብዛት አባዛው፣ የዞረ ገንዘብህን ታገኛለህ። የዚያ 3.75% አማካይ ዋጋው ነው፤ ምሽትህን የምታቅደው ግን በ28.75% ይሁን፣ ምክንያቱም አብዛኛው ምሽት ዘውድ የሌለበት ነው። በ5 ብር ለአንድ ሰዓት ያህል 600 ጊዜ ስትል 3,000 ብር ትዞራለች፣ የሚጠብቅህ ጉድለት 860 ብር ገደማ ነው። 860 ብር ለአንድ ሰዓት ጨዋታ የማትከፍለው ከሆነ ያንን ሰዓት አትጀምረው። ራሱን በራሱ የሚያሽከረክረውን ቁልፍም አትንካ፤ ቤቱ የሚያተርፈው ከብዛት ነው። ብሪታንያ ከጥቅምት 2021 እንደ አውሮፓውያን ጀምሮ ኢንተርኔት ላይ ላለ ስሎት አንድ ሽክርክሪት ከ2.5 ሰከንድ እንዳያንስ የደነገገችውና ራሱን በራሱ እንዳይዞር የከለከለችው ይህንኑ ፍጥነት ለመያዝ ነው።

ጓደኛህንም ታሪኩን እንዲከፍትልህ ጠይቀው፤ የዚያን ዕለቱን ሳይሆን ሒሳቡን ከከፈተበት ቀን ጀምሮ ያለውን። ያስገባውን ሁሉ ደምሩ፣ ያወጣውን ሁሉ ደምሩ፣ ቀንሱ። 10,000ው ከዚያ በኋላ ስንት እንደቀረው አብራችሁ እዩት።